«ሲሙ ተቃጥሏል» ያልኳት እኔ ነኝ

(ባለፈው እሁድ ከሰዓት ደሴ ውስጥ፣ ለሰፈራችን ነጋዴዎችና ነዋሪዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። አንድ ወንድማችን በስልኩ ቀድቶት ነበር። ከቅጂው ላይ እየሰማሁ፣ መደጋገሙንም ቀልዱንም ብዙ ሳልነካ ጽፌዋለሁ።)

ጤና ይስጥልኝ! አሰላሙ ዐለይኩም! እንዴት ዋላችሁ?

ከኋላ ያላችሁት ይሰማችኋል? ማይኩ ትንሽ ይጮኻል። ምን ላድርግ፣ ስልክ እንጂ ማይክ አልጠግንም።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ፒያሳ ስልክ ጠጋኝ ነኝ። እዚህ ከተቀመጣችሁት የግማሻችሁን ስልክ ሳልከፍተው አልቀረሁም። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው እንደ ባንክ ሰው አይደለም፣ እንደ ቴሌ ሰውም አይደለም። ስልክ እንደሚፈታ ሰው ነው። ከዚያም በላይ፣ አንድ ጊዜ እንደተሳሳተ ሰው ነው። ስህተቴን ስነግራችሁ አትሳቁብኝ።

ሦስት ነገር አለኝ። አንደኛ፣ አክስቴ ብሯን እንዴት እንዳጣች። ሁለተኛ፣ ኔትወርክ ሲጠፋባችሁ የእውነት ኔትወርክ ነው ወይስ ሌባ ነው የሚለውን እንዴት እንደምትለዩ። ሦስተኛ፣ ባንካችሁ የተመዘገበበትን ቁጥር ምን ብታደርጉት እንደሚሻል። ሻዩ እስኪደርስ እጨርሳለሁ።

እሺ፣ ከአክስቴ ልጀምር። ስሟን አልጠራም። ታሪኩን ግን «ንገራቸው፣ እኔ የበላሁትን ሌላው አይብላ» ብላ ፈቅዳልኛለች። ሰኞ ገበያ እህል ትነግዳለች። ባንክ ያላት ብር ያን ሳምንት 186 ሺህ ነበር። ሰኞ ጤፍ ልትገዛበት ያስቀመጠችው ነው። የባንክ አካውንቷም፣ ቴሌብሯም፣ ቴሌግራሟም በአንድ ቁጥር ነው። ያው ቁጥር ደግሞ መደብሯ በር ላይ ያለው ታፔላ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል። «የእህል ጅምላና ችርቻሮ፣ ስልክ ቁጥር…»። ስንቶቻችሁ ታፔላችሁ ላይ ስልክ ቁጥር አለ? እጃችሁን አውጡ እስቲ። አያችሁ? ሁላችንም ነን።

ሐሙስ ዕለት ስልክ ተደወለላት። «ከባንክ ነው፣ ሲስተም እያሳደግን ስለሆነ መረጃሽን እናረጋግጥ» አላት ሰውየው። ሙሉ ስሟን እስከ አያት ጠየቃት። የትውልድ ዘመኗን ጠየቃት። ከዚያ ምን አላት መሰላችሁ? «የሚስጥር ቁጥርሽን ለማንም እንዳትነግሪ!» አላት። አስጠነቀቃት! «ለኔም አትንገሪኝ። ዝም ብለሽ በስልኩ ቁልፍ ንኪው፣ ሲስተሙ ራሱ ያነበዋል።» እሷም ነካችው። ነገረችው? አልነገረችውም። በአፏ አንድ ቃል አልወጣትም። ዛሬም ድረስ «እኔ ለማንም አልነገርኩም» ትላለች፣ እውነቷን ነው።

እዚህ ላይ እንደ ጠጋኝ ልናገር። በጥሪ መሃል ቁልፍ ስትነኩ «ቲት፣ ቱት» የሚል ድምፅ አለ አይደል? ያ ድምፅ ለጌጥ አይደለም። እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ድምፅ አለው። የ1 ድምፅ ከ2 ድምፅ ይለያል። 994 ደውላችሁ «ለአማርኛ ይህን ይጫኑ» ሲላችሁ ማሽኑ የተጫናችሁትን የሚያውቀው በዚያ ድምፅ ነው። ታዲያ ማዶ ያለው ሌባ ጥሪውን ከቀዳው፣ እሱም ያነበዋል። ቁልፍ መንካት ማለት መንገር ነው። እደግመዋለሁ፦ ተደውሎላችሁ ቁልፍ መንካት ማለት መንገር ነው።

አሁን ሌባው ፒኗን ይዟል። ግን ገና ብር መውሰድ አይችልም። ለምን? እንደ ንግድ ባንክ *889# ወይም እንደ ቴሌብር *127# ያለውን ኮድ ስትደውሉ፣ ሲስተሙ ቀፎውን አያውቀውም። የሚያውቀው ቁጥሩን ነው። ከናንተ ቁጥር ከተደወለ የናንተን አካውንት ይከፍታል፣ ከዚያ ፒን ይጠይቃል። ሌባው ከራሱ ሲም ቢደውል የሚያገኘው የራሱን አካውንት ነው። ስለዚህ በሩ ሁለት ቁልፍ አለው፣ ቁጥሩና ፒኑ። አንዱን ሐሙስ ወሰደ። የቀረው ቁጥሩ ነው።

ቁጥር እንዴት ይሰረቃል? ሲሟ እኮ ስልኳ ውስጥ ነው፣ ስልኳ መቀነቷ ውስጥ ነው!

ይህን ልብ በሉልኝ። ስልክ ቁጥራችሁ ሲሙ ውስጥ የለም። ብዙ ሰው አለ ብሎ ያስባል፣ ግን አይደለም። ሲሙ ውስጥ ያለው እናንተ አይታችሁት የማታውቁት 15 አሃዝ ያለው ሌላ መለያ ነው። የኢትዮጵያ ሲሞች በ636 ይጀምራሉ። 09 ወይም 07 ብሎ የሚጀምረው ቁጥራችሁ ያለው የቴሌኮም ድርጅቱ መዝገብ ላይ ነው። መዝገቡ «ይህ ቁጥር የዚህ ሲም ነው» ይላል። ሲም ጠፍቶባችሁ መታወቂያ ይዛችሁ ምትክ ስታወጡ፣ ሠራተኛው የሚያደርገው ያችን አንዷን መስመር መቀየር ነው። «ከዛሬ ጀምሮ ይህ ቁጥር የዚህኛው አዲስ ሲም ነው» ይላል። በዚያው አፍታ አሮጌው ሲም ይሞታል። ለናንተ ሲሠራ ደግ ነገር ነው፣ ስልክ የጠፋበት ሰው ቁጥሩን ሳያጣ ይመለሳል። ሌላ ሰው በናንተ ስም ሲያሠራው ግን ቁጥራችሁ እጃችሁን ሳይነካ ይሄዳል። ሲም ስዋፕ የሚሉት ይህንን ነው።

የአክስቴን ሲም ያወጣችው ሴት በሌላ ከተማ ነው። በአክስቴ ስም የተሠራ መታወቂያ ይዛ ነበር፣ ስም እስከ አያት፣ የትውልድ ዘመን፣ ሁሉም ልክ። ሐሙስ ዕለት ማን ነገራቸው? ራሷ። ፎቶው ብቻ የሌላ ሴት ነው።

ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ10 ላይ የአክስቴ ስልክ ኔትወርክ አጣ። ከኋላ የባንክ ዝርዝሯን ይዤ ቁጭ ብዬ ሰዓቱን አንድ በአንድ አይቼዋለሁ። 10 ሰዓት ከ25 ላይ 30 ሺህ ብር ወጣ። ከ2 ደቂቃ በኋላ 20 ሺህ። ከዚያ ቆመ። ለምን ቆመ? የእሷ አካውንት በስልክ የሚያስተላልፈው በቀን እስከ 50 ሺህ ብቻ ስለነበር።

ቀጥሎ መቼ ወጣ? ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ4 ደቂቃ። 50 ሺህ። ገባችሁ? እኛ ቀን የሚነጋልን ጠዋት በ12 ሰዓት ነው፣ ዶሮ ጮኾ፣ አዛን ተብሎ፣ ቅዳሴ ተገብቶ። ለዚያ ሲስተም ግን ቀኑ የሚነጋው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ሌባው ሰዓቱን ጠብቆ፣ እሁድ እንደገባ የእሁዱን ወሰደ። ሰኞ ሊነጋ ሲል፣ እንዲያውም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ3 ላይ፣ የሰኞውን ወሰደ። 50፣ 50፣ 50። 150 ሺህ ብር። ሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አካውንቱ ሲታገድ 36 ሺህ ብር ቀርቶ ነበር።

እስቲ አስቡት፣ ከቅዳሜ 10 ሰዓት እስከ ሰኞ 3 ሰዓት አክስቴ ምን ስትሠራ ነበር? ምንም። «ኔትወርክ ጠፋ» ብላ ተኛች።

ደግሞስ ብትል ይፈረድባታል? እኛ የደሴ ሰዎች ኔትወርክ ሲጠፋ እንደነግጣለን? በ2014 በጦርነቱ ጊዜ ከተማችን ለሳምንታት ያለ ስልክ ከርማለች። የልጁን ድምፅ ለመስማት ተራራ የወጣ ሰው እዚህ መሃላችን አለ። መብራት ሲጠፋ ኔትወርክ ይደክማል። ሐረጎን ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ጥሪው ይቆራረጣል። ለምደነዋል። ሌባውን የጠቀመው አንዱ ይህ ልማዳችን ነው። በዚያ ላይ ቤቷ ዋይፋይ አለ። ቅዳሜ ማታ ሳዑዲ ካለችው ልጇ ጋር በኢንተርኔት ስታወራ አምሽታለች። ስልኩ ይሠራል! ማን ይጠረጥራል?

አሁን ስህተቴን ልናገር።

እሁድ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ልጇ ስልኩን ይዞ ሱቄ መጣ። «ኔትወርክ ከትናንት ጀምሮ የለውም፣ እማዬ እየው ብላለች» አለኝ። ስልኩን ከፈትኩ። ሲሙን አወጣሁት። እፍ አልኩበት። ወርቃማውን ፊቱን በላጲስ ጠረግኩት፣ እኛ ጠጋኞች እንደዚያ እናደርጋለን። መልሼ ከተትኩት። የለም። ሌላ ቀፎ ላይ ከተትኩት። እዚያም የለም። «ሲሙ ተቃጥሏል፣ ነገ ሰኞ ሂዱና ምትክ አውጡ» ብዬ ሸኘሁት። ገንዘብ አልተቀበልኩም፣ አክስቴ ናት። ያን ሰዓት 100 ሺው ሄዶ ነበር። የሰኞው 50 ሺህ ግን ገና አልሄደም። ያ 50 ሺህ የኔ ነው። በኔ ላጲስ የጠፋ ነው።

በጣም የሚያበሳጨኝ ደግሞ ማወቅ እችል ነበር። ይኸውላችሁ ሁለተኛው ነገር፣ ወረቀት ያላችሁ ጻፉት።

የተቃጠለ ሲም ስልኩ ጨርሶ አያነበውም። ስክሪኑ ላይ No SIM ይላል፣ ወይም ሲም አስገባ ይላል። የአክስቴ ስልክ ግን ያላለው ይህንን ነው። Emergency calls only ነበር የሚለው። ሲሙ ላይ የተቀመጡት ስሞች ይታያሉ። የነ ሐጂ፣ የነ መምሬ ቁጥር ሁሉ አለ። ማለት ሲሙ ደኅና ነው፣ ስልኩ አንብቦታል። ማማውንም አግኝቶታል። ማማው ግን «አንተን አላውቅህም» ብሎታል። ሁለት ቀፎ ላይ ያው ነገር ሲመጣ መንቃት ነበረብኝ። የሚነበብ፣ ግን ኔትወርክ የማይቀበለው ሲም የሞተ ሳይሆን የተተካ ሊሆን ይችላል። የ14 ዓመት ጠጋኝ ነኝ እያልኩ ይህ አመለጠኝ።

እናንተ ጠጋኝ መሆን የለባችሁም። ኔትወርክ ሲጠፋ መጀመሪያ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ። የናንተው ቴሌኮም ይሁን፣ ኢትዮ ቴሌኮም ከሆናችሁ ኢትዮ ቴሌኮም የያዘውን፣ ሳፋሪኮም ከሆናችሁ ሳፋሪኮም የያዘውን። እሱም ከሌለው ችግሩ የሰፈሩ ነው፣ ቡናችሁን ጠጡ። እሱ ካለው ግን ስልካችሁን አንድ ጊዜ አጥፍታችሁ አብሩ። አንድ ጊዜ ብቻ! ካልመጣ የዚያን ሰው ስልክ ተዋሱና ወደ ራሳችሁ ቁጥር ደውሉ።

ስልካችሁ እጃችሁ ላይ ዝም ብሎ፣ ማዶ ከጠራ? ቁጥራችሁ ሌላ ሰው እጅ ነው። ከዚያ በኋላ ምንም ማጣራት አያስፈልግም። «ሄሎ» የሚል ሰው ካነሳ ደግሞ አትጨቃጨቁት፣ አትሳደቡት። ዝጉና ወደ ባንክ ደውሉ። ግን አንድ ነገር፦ ስላልጠራ ብቻ «ተመስገን፣ ሌባ የለም» አትበሉ። ሌባው ሲሙን ተጠቅሞ ስልኩን ሊያጠፋው ይችላል። መጥራቱ ማስረጃ ነው። አለመጥራቱ ግን ነጻ አያወጣም። ጎረቤታችሁ ኔትወርክ ኖሮት እናንተ ከሌላችሁ ባትጠራም ወደ ቴሌኮሙ ደውላችሁ «በቁጥሬ ላይ ምትክ ሲም ወጥቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

እሺ፣ ተሰርቋል እንበል። የትኛው ይቀድማል፣ ቴሌ ወይስ ባንክ? ጥያቄ ነው የምጠይቃችሁ። … ቴሌ ያላችሁ አላችሁ። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። አሁን ግን ባንክ ነው የምለው። ሲሙ እስኪታገድ ብሩ ሊያልቅ ይችላል፣ አካውንቱ ከታገደ ግን ሲሙን ይዞት ይቀመጥ፣ ምን ይሠራለታል? በተዋሳችሁት ስልክ ባንካችሁን ጥሩ። ንግድ ባንክ 951 ነው፣ ቴሌብር 127 ነው። «አካውንቴን አግዱልኝ» በሉ፣ «ኔትወርክ ጠፍቶብኝ ነበር» እያላችሁ ታሪክ አታውሩ። ቀጥሎ ቴሌኮሙን፣ ኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ሳፋሪኮም 700። «ሳላውቅ ምትክ ሲም ወጥቶብኛል፣ ቁጥሩን ዝጉት» በሉ። ከዚያ ፖሊስ፣ የፖሊስ ወረቀት ባንኩም ቴሌኮሙም ይጠይቋችኋል። ቅርንጫፉ እሁድ ዝግ ነው ብላችሁ ሰኞን አትጠብቁ። የቅርንጫፉ በር ሲዘጋ ስልኩ አብሮ አይዘጋም። አክስቴን የበላት ይህ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች የት ትጽፏቸዋላችሁ? ስልካችሁ ላይ? ስልካችሁ እኮ ነው የተበላሸው! ወረቀት ላይ ጽፋችሁ፣ የአካውንት ቁጥራችሁንም ጨምራችሁ፣ የሱቃችሁ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡ። ፒናችሁን ግን እንዳትጽፉበት። ባለፈው አንዱ ወንድሜ ጽፎ አሳየኝ።

የአክስቴ ብር ምን ሆነ? የመጀመሪያው 100 ሺህ በየኪዮስኩ በወኪል ወጥቷል፣ አልተገኘም። ከሰኞው 50 ሺህ ውስጥ 31 ሺው ገና ከተቀባዩ አካውንት ሳይወጣ ተይዟል። ለምን? ትኩስ ስለነበር። በሌሊት ገብቶ፣ ጠዋት ባንኩ ለተቀባዩ ባንክ ጽፎ አሳገደው። 31 ሺው እጇ እስኪገባ ግን ወራት ፈጅቷል፣ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ፍርድ ቤት። የታገደ ብር የተመለሰ ብር ማለት አይደለም።

አንዳንዱ «ይህ ያልተማረ ሰው ላይ ነው» ይላል። እንደዚያ አይደለም። በ2019 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የትዊተር መሥራችና የወቅቱ ሥራ አስኪያጅ የነበረው የጃክ ዶርሲ ቁጥር በዚህ መንገድ ተወስዶ፣ በራሱ የትዊተር ገጽ ላይ ስድብ ተጽፎበታል። ድርጅቱን የሠራው ሰው! ቁጥሩ መዝገብ ላይ ነዋ ያለው፣ ጭንቅላቱ ውስጥ አይደለም።

ሦስተኛው ነገር። ምን እናድርግ?

አክስቴ አሁን ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ፣ እኔና እሷ ተቀምጠን የጨረስነው ነው። አዲስ ሲም አወጣች። ያን ቁጥር የሚያውቁት እሷ፣ ልጇና ባንኩ ናቸው። ታፔላ ላይ የለም፣ የእህል ከረጢት ላይ የለም፣ ቴሌግራም ላይ የለም፣ ደንበኛ አያውቀውም። መታወቂያዋን ይዛ ቅርንጫፍ ሄዳ የባንክ አካውንቷን ወደዚያ ቁጥር አዛወረች። ሲሙን አሮጌ ቁልፍ ስልክ ውስጥ ከታ ሳጥን ውስጥ ቆልፋዋለች። የታፔላው ቁጥር ላይ ቴሌብር አለ፣ ደንበኛ የሚከፍልበት። እዚያ ግን ብር አታሳድርም፣ ማታ ማታ ወደ ባንክ ታስገባዋለች። ሌባ የታፔላውን ቁጥር ቢወስደው የሚያገኘው የአንድ ቀን ሽያጭ ነው።

ይህ ነገር ችግር የለውም ወይ? አለው። ሳጥን ውስጥ የተረሳ ሲም ብዙ ጊዜ ካልተሠራበት ይዘጋል፣ ቁጥሩም ኋላ ለሌላ ሰው ይሸጣል። እና በወር አንድ ሁለቴ ካርድ ሞልታ ትደውልበታለች። እግረ መንገዴን ይህን ልበል፣ ምክንያቱም በዚህ በወሎ ያልነካው ቤት የለም፦ ሳዑዲ፣ ዱባይ፣ ቤሩት ያሉ ልጆቻችሁ የአገር ቤት የባንክ አካውንታቸው በየትኛው ቁጥር ነው? ሲሄዱ ሲሙን ቤት ጥለውት፣ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በላይ ያልበራ ቁጥር ካለ፣ ያ ቁጥር ዛሬ የማያውቁት ሰው ጋር ሊሆን ይችላል። ሌባ እንኳ አያስፈልግም። አዲሱ ባለቤት ሲሙን ገዝቶ ሲያበራ የልጃችሁ የባንክ መልእክት ይመጣለታል። ዛሬ ማታ ደውሉና ጠይቋቸው።

ሌላው የመልእክት ነገር ነው። «ብር ሲወጣ መልእክት ይመጣልኛል፣ ወዲያው አውቃለሁ» የምትሉ አላችሁ። የት ነው የሚመጣው? በዚያው ቁጥር! ቁጥሩ ሲሰረቅ መልእክቱም አብሮ ይሄዳል። ጠባቂው ውሻ ከበጎቹ ጋር አብሮ ተሰረቀ ማለት ነው። አክስቴ ያን ቅዳሜና እሁድ አንድም መልእክት አልደረሳትም። ሌባው ጋር ግን አራቱም ደርሰውታል። ስለዚህ ባንካችሁ በኢሜይል ማሳወቅ ወይም ሁለተኛ ቁጥር መመዝገብ ይችል እንደሆነ ቅርንጫፉን ጠይቁ፣ ከቻለ የልጃችሁን አስመዝግቡ። የቀን መጠኑንም ዝቅ አስደርጉት። በቀን 10 ሺህ የምታስተላልፉ ከሆነ 50 ሺህ ክፍት ሆኖ ለማን ነው የሚጠብቀው? የአክስቴ ብር በሦስት ቀን ሁሉም ያልወጣው በዚያ ገደብ ምክንያት ብቻ ነው። ብዙ ብር የምትይዙ ደግሞ ከስልክ ጋር ያልተያያዘ ሌላ አካውንት ይኑራችሁ፣ በደብተር ብቻ የሚወጣ። ያንን ሲም አይከፍተውም።

የሲም ፒን የሚባለውስ? ሴቲንግ ውስጥ ሲም መቆለፊያ አለ። ብታበሩት ጥሩ ነው፣ ግን ለምን እንደሚጠቅም እወቁ። የሚጠቅመው ስልካችሁ መናኸሪያ ላይ ከኪሳችሁ ሲሰረቅ ነው። ሌባው ሲሙን አውጥቶ ሌላ ቀፎ ላይ ቢከት ፒን ይጠይቀዋል። ሦስቴ ከተሳሳተ ይቆለፋል፣ ለመክፈት 8 አሃዝ ያለው ፒዩኬ ያስፈልጋል፣ እሱን ደግሞ አሥር ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ለዘላለም ይሞታል። ለሲም ስዋፕ ግን ምንም አያደርግም። ሌባው የናንተን ሲም አልነካውማ፣ አዲስ ነው ያወጣው። ቴሌግራማችሁ ላይ ግን ሁለተኛ የይለፍ ቃል አድርጉ። ቁጥሩን የወሰደ ሰው ቴሌግራማችሁን ከፍቶ ለዘመድ ሁሉ «ቸግሮኛል፣ 5 ሺህ ላኩልኝ» ይላል። Settings ውስጥ Two-Step Verification የሚለው ነው፣ ያልገባው ሱቄ ይምጣ፣ በነጻ ነው።

ቴሌኮሞቹስ? ኬንያ ውስጥ ሳፋሪኮም ደንበኛው *100*100# ደውሎ ቁጥሩ ራሱ በአካል ሱቃቸው ካልሄደ በቀር እንዳይተካ የሚያደርግበት መንገድ አለው። ትንሽ ኮድ ናት፣ ግን ሌባውን ከየወኪሉ ሱቅ አውጥታ የራሳቸው ካሜራና ሠራተኛ ፊት ታቆመዋለች። ብቻዬን ብጽፍ ማን ያነበዋል? የከተማው ነጋዴ በአንድ ላይ ፈርሞ «ለኛም ይደረግልን» ብሎ ቢጽፍ ግን ሌላ ነው። ወረቀቱን አምጥቼዋለሁ፣ በር ላይ ነው።

ጨርሻለሁ። ጥያቄ ካለ? አዎ፣ ከፊት ያሉት አባት።

(አንድ አዛውንት ተነሡ። «ልጄ፣ እኔ የያዝኩት ይቺን ቁልፍ ስልክ ናት። ኢንተርኔት የላትም፣ ምን የላትም። እኔን አይመለከተኝም አይደል?»)

አባባ፣ እርስዎን ይበልጥ ይመለከትዎታል። የቅድሙ ኮድ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ቁልፍ ስልክ ላይ ነው የሚሠራው። ባንክዎ በዚህ ቁጥር ነው?

(«በዚሁ ነው። ጡረታዬም በዚሁ ነው።»)

ታፔላ አለዎት?

(«ታፔላ የለኝም። ግን ቁጥሬን መስጊዱ ግድግዳ ላይ ጽፈውታል። የእድሩ ጸሐፊ ነኝ።»)

ይኸው! ሻዩ እስኪቀዳ ስልክዎን ይዘው እዚህ ይምጡ፣ ከጎኔ ይቀመጡ። ነገ ጠዋት ባንክ አብረን እንሄዳለን። መታወቂያዎን እንዳይረሱ።